ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚነጠፍ ኮብልስቶን

ፓራላክስ ኦክሉዥን ማፒንግ ልሙጥ የሆነ ገጽ ጎድጓዳና ጉብታ ያለው መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ የኮምፒዩተር ግራፊክስ ስልት ነው። በቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚታይ የጡብ ግድግዳ ወይም የኮብልስቶን መንገድ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ አንድ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ነው። ጡቡም፣ በጡቦቹ መካከል ያለው ሲሚንቶም፣ የድንጋዩ ጉብታም ላዩ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው፤ ይህ ሥዕል ቴክስቸር ይባላል። እያንዳንዱን ድንጋይ በእውነተኛ ቅርጽ መሥራት የሚከለክል ነገር የለም፤ ግን አንድ መንገድ ብቻውን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሦስት ማዕዘኖች ይፈልጋል፣ መንገዱ ደግሞ ከጌሙ ዓለም ትንሹ ክፍል ነው። ስለዚህ ቅርጹ ሳይነካ ዓይን ብቻ የሚታለልበት መንገድ ተፈለገ።

ፍለጋው ረጅም ዕድሜ አለው። በ1978 ጂም ብሊን የብርሃን ስሌቱን ብቻ በማዛባት ልሙጥ ገጽ ሸካራ እንዲመስል የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ። ዛሬ በየጌሙ የሚሠራበት ኖርማል ማፕ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ብርሃኑ ትክክል ይመስላል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ግን ጉዱ ይወጣል። በእውነተኛ ንጣፍ ላይ ተመልካቹ ጎንበስ ሲል የቅርቡ ድንጋይ ከጀርባው ያለውን ክፍተት ይጋርደዋል፤ በኖርማል ማፕ ግን ምንም ምንን አይጋርድም። በ2001 ቶሞሚቺ ካኔኮና ባልደረቦቹ ቴክስቸሩን እንደ እይታው አቅጣጫ በትንሹ የሚያንሸራትት ፓራላክስ ማፒንግን አስተዋወቁ። ማንሸራተቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ግምት ስለነበረ ጥልቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል ሥዕሉ ይንሻፈፍ ነበር። ግምቱን በፍለጋ የተካው፣ መጋረድንም በትክክል ያመጣው፣ በ2004 ዞይ ብራውሊና ናታልያ ታታርቹክ ያቀረቡት ፓራላክስ ኦክሉዥን ማፒንግ ነው። ኤቲአይ የተባለው የግራፊክስ ካርድ አምራች በ2005 ቶይሾፕ የተባለ የማሳያ ፕሮግራሙን ሲያወጣ፣ በዝናብ የራሰው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ የተሠራው በዚሁ ስልት ነበር።

ስልቱ ከቀለሙ ሥዕል በተጨማሪ አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ይፈልጋል። በዚህ ሥዕል ላይ የእያንዳንዱ ነጥብ ድምቀት የዚያ ቦታ ከፍታ ነው፤ ነጩ የድንጋዩ አናት፣ ጥቁሩ የክፍተቱ ወለል። አንዳንዶች ገልብጠው ጥልቀትን በነጭ ያስቀምጣሉ፤ ውጤቱ አንድ ነው። የመንገዱ እውነተኛ ገጽ፣ ማለትም ያ ልሙጥ አራት ማዕዘን፣ ከድንጋዮቹ አናት ጋር እኩል እንደሆነ ይወሰድና የቀረው ሁሉ ከእሱ በታች እንደተቦረቦረ ይታሰባል።

ግራፊክስ ካርዱ አንዱን ፒክስል ሊቀባ ሲል ከካሜራው የሚነሳውን የእይታ መስመር ይከተላል። መስመሩ ልሙጡን ገጽ የሚነካበት ቦታ የጉዞው መጀመሪያ ነው። ከዚያ መስመሩ ወደ ፊትም ወደ ታችም እየሄደ በዚያ ምናባዊ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ካርዱ ድንጋዩ የት እንዳለ አስቀድሞ አያውቅም፤ በጨለማ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው በየእርምጃው ቆም እያለ ይዳብሳል። በየመቆሚያው ከከፍታ ሥዕሉ ላይ አንድ ንባብ ይወስዳል፤ መስመሩ ከድንጋዩ በላይ ከሆነ ይቀጥላል፣ ከድንጋዩ በታች ከገባ ግን አልፎታል ማለት ነው። ይህን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሁለት መቆሚያዎች መካከል መሬቱ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ገምቶ መስመሩ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ያሰላል። ፒክስሉ የሚቀባው በዚያ ነጥብ ባለው ቀለም ነው።

ሥራው በሼደር ቋንቋ ሲጻፍ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። እዚህ `depthMap` ጥልቀትን በነጭ የያዘው ሥዕል ነው፤ `V` የእይታው አቅጣጫ፣ `n` ደግሞ የእርምጃው ብዛት ነው።

```glsl
float n = mix(32.0, 8.0, abs(V.z));
vec2 duv = V.xy / V.z * scale / n;
vec2 gx = dFdx(uv), gy = dFdy(uv);
float z = 0.0, prev = 0.0;
float d = textureGrad(depthMap, uv, gx, gy).r;
while (z < d) {
    prev = d - z;
    uv -= duv;
    z  += 1.0 / n;
    d = textureGrad(depthMap, uv, gx, gy).r;
}
if (z > 0.0) uv += duv * (1.0 - prev / (prev + z - d));
```

የስልቱ ጥራትም ዋጋም ያለው በ`n` ላይ ነው። ስንት እርምጃ እንደሚበቃ ለማወቅ አንድ መንገድ በልኬት ማየት ይሻላል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት፣ ጎናቸው 10 ሴንቲሜትር በሆነ ድንጋዮች የተነጠፈ መንገድ ይታሰብ። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት 1 ሴንቲሜትር ስፋትና 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት አለው። ቴክስቸሩ በእያንዳንዱ ጎን 1,024 ነጥብ ኖሮት 1 ሜትር በ1 ሜትር መንገድ ይሸፍናል፤ ስለዚህ አንዱ ነጥብ በግምት 1 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱም 10 ነጥብ ያህል ነው። ከላይ ያለው `scale` በዚህ ልኬት 0.03 ይሆናል።

ካሜራው ከላይ ወደ ታች በቀጥታ ካየ ምንም ችግር የለም፤ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። አስቸጋሪው ካሜራው ዝቅ ሲል ነው። የጌሙ ተዋናይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ካሜራው ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ሆነ እንበል፤ የሚያየውም ከፊቱ 3 ሜትር ርቆ ያለውን ድንጋይ ነው። በዚህ ማዕዘን መስመሩ 1 ሴንቲሜትር ወደ ታች ሲወርድ 6 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። ሙሉውን 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ለመጨረስ 18 ሴንቲሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህ ከአንድ ድንጋይ ከነክፍተቱ ይበልጣል። ጉዞው በ8 እርምጃ ቢከፈል አንዱ እርምጃ 2.25 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክፍተቱ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ እርምጃ ከክፍተቱ ሁለት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ውጤቱን በቁጥር መከታተል ይቻላል። መስመሩ ገጹን የነካው ልክ ከክፍተቱ የቅርብ ጠርዝ ላይ ነው እንበል። የማዶው ድንጋይ ግድግዳ 1 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ይገኛል፤ ትክክለኛው መልስ ይኸው 1 ሴንቲሜትር ነው። በ8 እርምጃ ሲኬድ የመጀመሪያው ንባብ ክፍተቱ ውስጥ ሆኖ 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያሳያል። ሁለተኛው ንባብ 2.25 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ነው፤ እዚያ ያለው የድንጋዩ አናት ሲሆን መስመሩ ግን 0.375 ሴንቲሜትር ወርዷል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል። ስሌቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መሬቱ ቀጥ ያለ ዳገት እንደሆነ ስለሚገምት መገናኛውን 2 ሴንቲሜትር ላይ ያደርገዋል። ስህተቱ አንድ ሙሉ ሴንቲሜትር፣ የክፍተቱን ያህል ነው። በ32 እርምጃ ቢኬድ ግን አንዱ እርምጃ 0.56 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆንና መልሱ 1.09 ሴንቲሜትር ላይ ያርፋል። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰች ስህተት ናትና ዓይን አያውቃትም።

የእርምጃ ማነስ በስክሪን ላይ የሚታወቅበት መልክ አለው። በዝቅተኛ ማዕዘን የድንጋዮቹ ጠርዝ እንደ ተቆለለ ወረቀት በንብርብር ይሰነጣጠቃል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስም ንብርብሮቹ አብረው ይዋኛሉ። ቀጭን ጉብታዎች፣ ለምሳሌ ድንጋይ ከተነቀለበት ሰፊ ጉድጓድ መሃል የቀረ ስንጣሪ፣ በሁለት መቆሚያዎች መካከል ወድቀው አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ይህን ከሌላ ጉድለት ለመለየት የእርምጃውን ቁጥር ለጊዜው ወደ 200 ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ መሰነጣጠቁ ከጠፋ ጥፋተኛው የእርምጃ ማነስ ነበር፣ ካልጠፋ ግን ምክንያቱ ከከፍታ ሥዕሉ መፈለግ አለበት።

እርምጃውን ሁልጊዜ 32 ማድረግ የማይመከረው ከዋጋው የተነሳ ነው። 1,920 በ1,080 ፒክስል ባለው ስክሪን ላይ መንገዱ ግማሹን ቢይዝ አንድ ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል 32 ጊዜ ቢያነብ ለአንድ ምስል እስከ 32 ሚሊዮን ንባብ፣ በሰከንድ 60 ምስል ለሚያሳይ ጌም ደግሞ ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጋ ንባብ ያስፈልጋል። በኮዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቁጥሩ እንደ ማዕዘኑ ከ8 እስከ 32 እንዲለዋወጥ የተደረገው ለዚህ ነው። ከላይ ለሚታየው ድንጋይ 8 ይደርሰዋል፤ ለተንበረከከው ካሜራ ከላይ ባለው ምሳሌ 28 ገደማ። ቆሞ በ1.7 ሜትር ከፍታ ያንኑ የ3 ሜትር ርቀት ለሚያይ ሰው 20 ያህል ይሰጠዋል፤ እሱ ግን መስመሩ ከ5 ሴንቲሜትር ትንሽ ብቻ ስለሚጓዝ በ10 እርምጃም አይቸገርም ነበር። ቀመሩ የተለመደና ቀላል ነው እንጂ ትክክለኛ አይደለም። የተሻለው ልማድ መስመሩ በቴክስቸሩ ላይ የሚጓዘውን ርቀት አስልቶ፣ አንዱ እርምጃ ከጠባቡ ክፍተት ግማሽ እንዳይበልጥ አድርጎ መከፋፈል ነው።

ሌላም መላ አለ። በ2005 ፖሊካርፖ፣ ኦሊቬይራና ኮምባ ባቀረቡት ሪሊፍ ማፒንግ መስመሩ ድንጋዩን ካለፈ በኋላ የመጨረሻው እርምጃ እየተገመሰ ይፈተሻል። ከላይ ባለው ምሳሌ 2.25 ሴንቲሜትሩ አምስት ጊዜ ቢገመስ 0.07 ሴንቲሜትር ይቀራል፤ የማዶው ግድግዳም በትክክል ይገኛል። በ8 እርምጃና በአምስት ግመሳ፣ ማለትም በ13 ንባብ፣ የ32 እርምጃ ያህል ጥራት ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም ግመሳው የሚያጠራው የተገኘውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ እርምጃዎች የዘለሉትን ስንጣሪ ተመልሶ አያመጣውም። ለኮብልስቶን ጥሩ ስምምነት የሚሆነው መካከለኛ የእርምጃ ብዛት ከሁለት ሦስት ግመሳ ጋር ነው።

የጡብ ግድግዳ ከዚህ ሁሉ በጣም የቀለለ ነው። በብሪታንያ የተለመደው ጡብ 21.5 በ6.5 ሴንቲሜትር ፊት አለው፤ በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መስመር 1 ሴንቲሜትር ስፋት ሲኖረው ወደ ውስጥ የገባው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ጥልቀቱ 5 ሚሊሜትር ተደርጎ በዚያው በ6 ለ1 ማዕዘን ቢታይ መስመሩ የሚጓዘው 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። 8 እርምጃ እንኳ እያንዳንዳቸው 3.75 ሚሊሜትር ይሆናሉ፤ ከኮብልስቶኑ 32 እርምጃ የተሻለ ነው። በጡብ ላይ የሚታየው የተለመደ ጥፋት የእርምጃ ማነስ ሳይሆን የልክ መብዛት ነው። ውጤቱ በጉልህ እንዲታይ ተብሎ ጥልቀቱ አምስት ስድስት እጥፍ ይጨመርና ጡቦቹ ከግድግዳው የተገፈተሩ ይመስላሉ። በዚያ ላይ የጡቡ ጎን በከፍታ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል ስለሆነ፣ ያ ጎን በቴክስቸሩ ውስጥ ከአንድ ነጥብ የማይበልጥ ቦታ ነው ያለው፤ ጥልቀቱ ሲጨምር ያች አንድ ነጥብ ተለጥጣ ረጅም የቀለም ሽንትር ትሆናለች። የከፍታ ሥዕሉን በሁለት ሦስት ነጥብ ማደብዘዝ ገደሉን ወደ ተዳፋት ስለሚቀይረው ብዙውን ያስተካክላል።

በኮዱ ውስጥ ያለው `textureGrad` ለጌጥ አልገባም። ግራፊክስ ካርዱ ለሩቅ ገጽ አነስተኛ የቴክስቸር ቅጂ ይመርጣል፤ ምርጫውን የሚያደርገው ጎረቤት ፒክስሎች ከየት ከየት እንደሚያነቡ አነጻጽሮ ነው። በፍለጋው መሃል ግን ጎረቤታሞች በተለያየ እርምጃ ስለሚቆሙ ንጽጽሩ ይበላሻል፤ በድንጋዮቹ ጠርዝ ላይም የደበዘዙ ፒክስሎች ያሉበት ቀጭን መስመር ይወጣል። ልኩን ፍለጋው ሳይጀመር ወስዶ ለሁሉም ንባብ መጠቀም መስመሩን ያጠፋዋል።

ርቀትም የራሱን ቅናሽ ያመጣል። በ20 ሜትር ርቀት የ1 ሴንቲሜትር ክፍተት በተለመደ የእይታ ስፋት ግማሽ ፒክስል እንኳ አይሞላም። እዚያ ላይ 32 እርምጃ መሄድ ለማይታይ ነገር መክፈል ነው፤ ስለዚህ ከ15 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ጥልቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይወርድና ገጹ በኖርማል ማፕ ብቻ ይቀራል። ለውጡ ድንገት ከሆነ ተመልካቹ ከሚራመደው እግሩ ፊት መንገዱ ሲያብጥ ያያል።

እስከዚህ ያሉት ችግሮች ሁሉ በተጨማሪ ስሌት የሚፈቱ ናቸው። የቅርጹ ዳር መስመር ግን አንድ ሺህ እርምጃ ቢጨመርም አይስተካከልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍለጋው የሚካሄደው ሦስት ማዕዘኑ በሸፈናቸው ፒክስሎች ውስጥ ብቻ ነው፤ ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ባለ ፒክስል ላይ የመንገዱ ሼደር ጭራሽ አይጠራም። የጡብ ግድግዳ ማዕዘን ከሰማይ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ጡቦቹ ጥርስ ሠርተው መውጣትና መግባት ነበረባቸው፤ በስክሪኑ ላይ ግን ዳሩ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ ነው። ፊት ለፊት ሲታይ ሙሉ ጥልቀት ያለው ግድግዳ በዳሩ ሲታይ ወረቀት ይሆናል። ጥላውም እንዲሁ ነው፤ ግድግዳው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ የሚሠራው ከእውነተኛው ቅርጽ ስለሆነ ጠርዙ ልሙጥ ነው።

በከፊል የሚረዳ ብልሃት አለ። መስመሩ በፍለጋው ላይ ከቴክስቸሩ ወሰን ከወጣ ፒክስሉ እንዳይቀባ ይደረጋል። በዚያ ቦታ ከጀርባ ያለው ስለሚታይ የግድግዳው ዳር በየሲሚንቶው መስመር የተበላ ይመስላል። ይህ ለብቻው ለቆመ አራት ማዕዘን በደንብ ይሠራል። ቴክስቸሩ እየተደጋገመ በሚሄድበት ረጅም ግድግዳ ላይ ወሰኑ ለየብቻ መነገር አለበት፤ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ደግሞ ፒክስሉን መተው ቀዳዳ ይከፍታል። ከሁሉም በላይ ብልሃቱ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም፤ ከገጹ ወደ ውጭ የሚወጣ ድንጋይ ሊያመጣ አይችልም።

ክብ ዓምድ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ፍለጋው ከተነካው ነጥብ ዙሪያ ያለው ገጽ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ይነሳል። በዓምዱ ዳር አካባቢ ግን ገጹ ከእይታው እየራቀ ይታጠፋል፤ መስመሩም በእውነት ከዓምዱ ወጥቶ መሄድ ሲገባው በምናባዊው ጠፍጣፋ ውስጥ እየቆፈረ ይቀጥላል። በዳሩ ላይ ያሉ ጡቦች ተጨፍልቀው እንደ ቀለም ሲፈስሱ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ዳክስባከርና ታታርቹክ በ2007 ለዚህ መፍትሔ አቅርበዋል፤ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ወደ ውጭ ተገፍቶ ውፍረት ያለው ፕሪዝም ይሆናል፣ ፍለጋውም በፕሪዝሙ ውስጥ ይካሄዳል። እውነተኛ ጥርስ ያለው ዳር ያመጣል፤ ግን ተጨማሪ ቅርጽ ስለሚፈጥርና ስሌቱን ስለሚያከብደው ስልቱ የተፈለገበትን ቁጠባ በከፊል መልሶ ይወስዳል።

ሌሎች ነገሮች ከንጣፉ ጋር የሚገናኙበት ቦታም የዚሁ ጉድለት ዘመድ ነው። ለግራፊክስ ካርዱ መንገዱ አሁንም ልሙጥ ስለሆነ፣ በድንጋዮቹ መካከል የወደቀ ኳስ በክፍተቱ ላይ በቀጥታ መስመር የተቆረጠ ይመስላል። ሼደሩ ያገኘውን እውነተኛ ጥልቀት ወደ ጥልቀት መዝገቡ ቢጽፍ መገናኛው ይስተካከላል። ዋጋው ግን የማይታዩ ፒክስሎችን ከመቀባት በፊት የሚጥለውን ቅድመ ፍተሻ ማጣት ነው። እንደ እድል ሆኖ ስልቱ ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚገፋ አዲሱ ጥልቀት ሁልጊዜ ከቀድሞው ይርቃል፤ በኦፕንጂኤል 4.2 የመጣው `layout(depth_greater)` ይህን ለካርዱ አስቀድሞ ስለሚነግረው ቅድመ ፍተሻው በአብዛኛው ይተርፋል።

በተግባር ባለሙያዎች ዳሩን ከማስተካከል ይልቅ መደበቅን ይመርጣሉ። ኮብልስቶኑ በሚያልቅበት ቦታ በእውነተኛ ቅርጽ የተሠራ ከርብስቶን ይደረደራል፤ በጡብ ግድግዳው ማዕዘን ላይ ከጎንና ከጎን የሚወጡ ጥቂት እውነተኛ ጡቦች ይለጠፋሉ፤ ከግድግዳው አናት ላይ ደግሞ ክዳን ይቀመጣል። ዳሩ በማይደበቅበት፣ ለምሳሌ በክብ የድንጋይ ድልድይ ወይም ካሜራው በሚቀርበው የተሰበረ ግድግዳ ላይ፣ ፓራላክሱ ይተውና ገጹ ተከፋፍሎ ነጥቦቹ በእውነት ይገፋሉ። ይህን ከዳይሬክት ስሪዲ 11 ጀምሮ ካርዱ ራሱ ቴሴሌሽን በሚባለው አሠራር ሊያደርገው ይችላል። ለሰፊው መንገድና ለረጅሙ ግድግዳ መሃል ግን ያ ሁለት ሦስት ማዕዘን ከነከፍታ ሥዕሉ በቂ ነው።